ይዞራል፣ ግን አይነሳም

ፈረስ መጋላ የፈረስ ገበያ ማለት ነው። በሐረር በር ገብቶ ዋናውን መንገድ ይዞ የሚወርድ ሰው የሚደርስበት ይህ የጀጎል አደባባይ ዛሬ ፈረስ አይሸጥበትም። ሆኖም የፈረሱን ቦታ የተካ ሌላ ሽማግሌ አገልጋይ አለው፤ ፔጆ 404። ሐረርን አይቶ የተመለሰ እንግዳ ከግንቡና ከጅቦቹ ቀጥሎ የሚያወራው ስለ እነዚህ አሮጌ ታክሲዎች ነው። መኪናው ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ስለዚህ ዛሬ ፈረስ መጋላ ላይ ተሳፋሪ ከሚጠብቁት መካከል ከአያቶች ጋር እኩያ የሆኑ አሉ ማለት ይቻላል። በጊዜው ጠንካራነቱ የተመሰከረለት ነበር፤ የምሥራቅ አፍሪካን የሳፋሪ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፏል።

ይህን ያህል የኖረ መኪና ጠባይ ያወጣል። በዚህ ሳምንት የምናነሳው ከጠባዮቹ ሁሉ የቤተሰብን ጠዋት የሚያበላሸውን ነው። ጠዋት ቁልፉን ሲያዞሩት ሞተሩ እንደ ወትሮው በደንብ ይዞራል፤ ድምፁ አይደክምም፤ ግን አይነሳም። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ወይም ሰው ገፍቶ ካስነሳው በኋላ ቀኑን ሙሉ ምንም አይለውም። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ያው ነው። 404 ለሌላቸው አንባቢዎችም ነገሩ ይሠራል፤ ካርቡራተር ያለው ማንኛውም አሮጌ የቤንዚን መኪና በዚሁ መንገድ ይታያል። ካርቡራተር ለሌላቸው ደግሞ ወደ መጨረሻው ላይ እንመለስበታለን።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ሞተሩ በደንብ የሚዞር ከሆነ ባትሪውና ሞተሪኖው ሥራቸውን እየሠሩ ነው። ባትሪ የደከመ እንደሆነ ሞተሩ እየጎተተ ይዞራል፤ ወይም “ቀጭ” ብሎ ዝም ይላል። ይህ ሳይሆን ባትሪ መለወጥ፣ ሞተሪኖ አስፈትቶ ማስጠቅለል፣ ሆዱን ያመመውን ሰው ጥርሱን እንደ መንቀል ነው። ብዙ ቤተሰብ ግን ገንዘቡን የሚጨርሰው እዚህ ላይ ነው፤ “አልነሳም” ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ባትሪ ስለሆነ።

ሁለተኛው ነገር ብርዱ ራሱ ነው። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ትገኛለች፤ ከኅዳር እስከ ጥር ጠዋቱ ጋቢ ያስለብሳል፤ ነገር ግን በረዶ የሚጋገርበት አገር አይደለም። ጤነኛ የቤንዚን ሞተር በእንዲህ ያለ ብርድ ሊነሳ ይገባል። ብርዱ በሽታውን ያጋልጣል እንጂ እሱ ራሱ በሽታው አይደለም። ለምን እንደሚያጋልጠው ከተረዳን መፍትሔውን ግማሽ መንገድ ሄድንበት ማለት ነው።

ቤንዚን በፈሳሽነቱ አይቃጠልም፤ የሚቃጠለው እንፋሎቱ ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ወደ ውስጥ የሚገባው ቤንዚን ትኩስ ብረት ስለሚያገኝ ወዲያው ይተናል። ጠዋት ግን ብረቱ ሁሉ ቀዝቃዛ ነው። ከካርቡራተሩ የወጣው ቤንዚን አብዛኛው በአየር መግቢያው ቧንቧ ግድግዳ ላይ እንደ ጤዛ ተለጥፎ ይቀራል፤ ወደ ሲሊንደሩ የሚደርሰው እንፋሎት ጥቂት ነው። ስለዚህ ጠዋት ላይ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ቤንዚን መስጠት ያስፈልጋል፤ ቾክ የሚባለው ነገር የተሠራው ለዚህ ነው። በአንዳንድ ካርቡራተር ላይ ቾክ ማለት የአየሩን መግቢያ የምትዘጋ ክብ ክዳን ናት። በሌሎች ላይ ደግሞ በጎን በኩል ተጨማሪ ቤንዚን የምትለቅ ትንሽ መንገድ ናት። በሁለቱም ዓይነት ሾፌሩ ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን እጀታ ሲስብ ሽቦው ይጎትታታል።

የእሳቱም ነገር እንዲሁ ነው። ሞተሪኖው በሚያዞርበት ሰዓት የባትሪውን ጉልበት ጠጥቶ ስለሚወስድ ለካንዴላዎቹ የሚተርፈው ኃይል ከወትሮው ያነሰ ነው። ያረጀ ካንዴላ ወይም የረጠበ ገመድ ሞተሩ ሲሞቅ እንደ ምንም ይሠራል፤ በቀዝቃዛ ጠዋት ግን ያቺ የተዳከመች ብልጭታ ያንን ቀጭን እንፋሎት ማቀጣጠል ያቅታታል።

እንግዲህ ጠዋት የማይነሳ ሞተር የጎደለው ከሁለት አንዱ ነው፤ ቤንዚን ወይም እሳት። የትኛው እንደሆነ የሚነግረን ደግሞ አንድ ቀላል ጥያቄ ነው። ካንዴላው ደረቅ ነው ወይስ እርጥብ?

አሠራሩ ይህ ነው። ጠዋት፣ ማንም ሳይነካው፣ ቾኩን ሙሉ በሙሉ ይሳቡና ለ10 ሰከንድ ያህል ያስዙሩት። ካልተነሳ ቁልፉን ያጥፉና አንድ ካንዴላ ያስፈቱ። በ404 ላይ ካንዴላዎቹ በቴስታታው ውስጥ በጥልቅ ጉድጓድ ተቀምጠው ስለሚገኙ ረጅም የካንዴላ ቁልፍ ያስፈልጋል፤ ከመፍታትም በፊት ጉድጓዱ ውስጥ የገባውን አቧራ እፍ ብሎ ማውጣት ነው፤ አለዚያ ወደ ሲሊንደሩ ይወድቃል። የካንዴላውን ጫፍ ይዩትና ያሽትቱት። ደረቅ ከሆነና የቤንዚን ሽታ ከሌለው ቤንዚኑ አልደረሰም ማለት ነው። ረጥቦ ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ከሆነ ቤንዚኑ ደርሷል፤ የጠፋው እሳቱ ነው፤ ወይም ቤንዚኑ ከልክ በላይ በዝቶ ሞተሩን አስጥሞታል።

አሁን አንድ ጉዳይ ይዘን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንሂድበት። ባለ መኪናው ታክሲነቱን ያስተዉትን 404 ለቤት አገልግሎት ያስቀሩ፣ ከፈረስ መጋላ ብዙም በማይርቅ ቦታ የሚኖሩ አያት ናቸው። ጠዋት 1 ሰዓት ሳይሞላ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ያደርሳሉ፤ ከዚያም ልጃቸውን ገበያ ያወርዳሉ። ከኅዳር ወዲህ መኪናው ጠዋት አልነሳ ብሎ ልጆቹ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን እያረፈዱ ነው። ሰውየው መጀመሪያ ባትሪ ቀየሩ። ቀጥሎ ሞተሪኖውን አስጠገኑ። መኪናው ከዚያ በኋላ ከበፊቱ ይልቅ ፈጥኖ መዞር ጀመረ፤ ግን አሁንም አይነሳም። ከሰዓት በኋላ ግን በአንድ ቁልፍ ይነሳል። የሰፈር ወጣቶች ቁልቁል ሲገፉትም ጥቂት ከሄደ በኋላ ይነሳል።

እስካሁን የሰማነው ብቻውን ብዙ ይናገራል። ከሰዓት በኋላ የሚነሳ ከሆነ የሞተሩ አካል በመሠረቱ ጤነኛ ነው። ሲገፋ የሚነሳ ከሆነ ደግሞ የሚያስፈልገው ነገር ረዘም ላለ ጊዜ መዞር ነው የሚል ጥርጣሬ ያሳድራል። ጠዋት ካንዴላው ሲፈታ ደረቅ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ፍለጋው ወደ ቤንዚኑ መንገድ ዞረ።

በቤንዚኑ መንገድ ላይ ሁለተኛው ጥያቄ ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን አለ ወይስ የለም የሚለው ነው። ካርቡራተር የራሱ ትንሽ ጽዋ አለው፤ ፓምፑ ያመጣውን ቤንዚን የሚያጠራቅምበት። ይህን ለማየት በማግስቱ ጠዋት፣ ሞተሩ አንድም ጊዜ ሳይዞር፣ የአየር ፊልትሮው ይነሳል። ቁልፉ ጠፍቶ፣ በአካባቢው ሲጋራም ሆነ ከሰል ሳይኖር፣ ወደ ካርቡራተሩ ጉሮሮ እየተመለከቱ የነዳጅ መስጫውን ክንድ በእጅ ፈጠን አድርጎ መክፈት ነው። ጽዋው ቤንዚን ካለው አንዲት ቀጭን የቤንዚን ጅረት ጉሮሮው ውስጥ ፊጭ ትላለች። ብታዩአት ጽዋው ሙሉ ነው፤ እንግዲያው ጥፋቱ ቾኩ ላይ ነው። ሽቦው ላልቶ፣ ማሰሪያው ተንሸራትቶ ወይም ዝጎ፣ እጀታው ሲሳብ ካርቡራተሩ ላይ ያለው ክንድ እስከ መጨረሻው አይሄድም። አንድ ሰው ጋቢና ገብቶ ሲስብ ሌላው ከኮፈኑ ሥር ቢያይ በአንድ ደቂቃ ይታወቃል።

በአያትየው መኪና ላይ ግን ጅረቷ አልወጣችም። ክንዱ ሁለቴ ሦስቴ ቢከፈትም ጉሮሮው ደረቅ ነበር። ጽዋው ባዶ ነው። ሰውየው ጠዋት ጠዋት ነዳጅ መስጫውን ደጋግመው ሲረግጡ የነበረው እንግዲህ ባዶ ጀበና እንደ መቅዳት ነበር።

ለምን ባዶ ሆነ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው “ቤንዚኑ ሌሊቱን ከጽዋው ወደ ታንክ ተመለሰ” ይላል። እንደዚያ ሊሆን አይችልም። ቤንዚኑ ወደ ጽዋው የሚገባው ከላይ በኩል፣ ከፈሳሹ ከፍታ በላይ ነው፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ የገባው በመጣበት አይመለስም። ጽዋው የሚጎድለው በትነት ነው። ማታ መኪናው ሲቆም ሞተሩ ገና ትኩስ ነው፤ ማራገቢያው ቆሟል፤ ሙቀቱ ወደ ላይ እየወጣ ካርቡራተሩን ያሞቀዋል። ከፍ ያለ አገር ላይ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ቤንዚን ከቆላው ይልቅ ፈጥኖ ይተናል። ይህ በጤነኛ መኪናም ላይ ይደርሳል። ልዩነቱ ጤነኛው መኪና ጠዋት የጎደለውን በጥቂት ዙር መሙላቱ ነው። ምክንያቱም ከታንኩ እስከ ፓምፑ ያለው ቧንቧ ሌሊቱን ሙሉ ቤንዚን እንደያዘ ያድራል።

የአያትየው መኪና ይህን ማድረግ ያቃተው ለምንድን ነው? ስሌቱን እንሥራው። በእንዲህ ያለ መኪና የቤንዚኑ ፓምፕ የሚሠራው በሞተሩ ራሱ ነው፤ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ሲዞር ፓምፑ አንድ ጊዜ ይመታል። ሞተሪኖው ሞተሩን በደቂቃ 150 ጊዜ ያህል ቢያዞረው ፓምፑ በደቂቃ 75 ጊዜ ይመታል። ሰውየው እንደ ብዙዎቻችን አራት አራት ሰከንድ እያዞሩ ያቆሙ ነበር። በአራት ሰከንድ ፓምፑ የሚመታው አምስት ጊዜ ብቻ ነው። ቧንቧው ሙሉ ከሆነ አምስት ምት ብዙ ነው። ቧንቧው ባዶ ከሆነ ግን፣ ታንኩ ከኋላ ሞተሩ ከፊት ስለሆነ፣ አምስት ምት አየር ብቻ ይጎትታል። መኪናው ሲገፋ የሚነሳውም ለዚህ ነበር፤ ቁልቁሉን እስኪጨርስ ፓምፑ ብዙ ጊዜ ይመታል።

ይህን ለማረጋገጥ ሌላ ጠዋት እንዲህ ተደረገ። 10 ሰከንድ ማዞር፣ ሞተሪኖው እንዳይቃጠል አንድ ደቂቃ ማሳረፍ፣ እንደገና 10 ሰከንድ። ከሁለተኛው በኋላ ጉሮሮው ሲታይ አሁንም ደረቅ ነበር። ከሦስተኛው በኋላ ጅረቷ ፊጭ አለች። ቾኩ ተስቦ ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ወዲያው ተነሳ። ስለዚህ ፓምፑ ይሠራል፤ እሳቱም አለ፤ ካርቡራተሩም ደህና ነው። ጥያቄው ሌሊቱን ቧንቧውን የሚያራግፈው ምንድን ነው የሚለው ብቻ ሆነ።

ለዚህ መልስ የሚሰጠው ፍተሻ ርካሽ ነው። መካኒኩ ከፓምፑ በፊት ባለው በኩል፣ ለቤንዚን የተሠራች አንዲት ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ አስገባ። ማታ መኪናው ሲቆም ቱቦዋ ሞልታ ትታያለች። ጠዋት ኮፈኑ ሲከፈት ባዶዋን አድራለች። ጥፋቱ ሁለት ቦታ ሊሆን ይችላል። አንደኛው በፓምፑ ውስጥ ያለችው መላሽ ክዳን አልቃ ቤንዚኑን መያዝ አቅቷት ነው። ሁለተኛው ከታንክ ወደ ፓምፕ በሚመጣው መንገድ ላይ አየር የሚያስገባ ስንጥቅ መኖሩ ነው። እንዲህ ያለ ስንጥቅ አታላይ ነው፤ ከፓምፑ በፊት ስለሆነ ቤንዚን ወደ ውጭ አያንጠባጥብም፤ አየር ወደ ውስጥ ይስባል እንጂ። መሬት ላይ ጠብታ፣ ጓሮ ላይ ሽታ ስለሌለ ማንም አይጠረጥረውም። ሌሊት አየሩ ሲገባ በቧንቧው ውስጥ ያለው ቤንዚን ወደ ኋላ ወደ ታንኩ ይወርዳል።

በዚህ መኪና የተገኘው ሁለተኛው ነው። የብረቱን ቧንቧ ከፓምፑ ጋር የምታያይዘው ከስንዝር ያነሰች ጎማ ደርቃ፣ በማሰሪያዋ ሥር ተሰነጣጥቃ ነበር። በእጅ ሲያጥፏት ስንጥቁ ይከፈታል፤ ሲለቋት ይዘጋል። አንድ ክንድ የማትሞላ የቤንዚን ጎማና ሁለት ማሰሪያ ተገዝቶ ተቀየረ። በማግስቱ ጠዋት ግልጿ ቱቦ ሞልታ አደረች፤ ሞተሩም ሦስት ሰከንድ ሳይሞላ ተነሳ። ቱቦዋም ሥራዋን ስለጨረሰች ተነስታ በቦታዋ ዘላቂው የቤንዚን ጎማ ገባ። ባትሪውና ሞተሪኖው የበሉት ገንዘብ ከዚህች ጎማ ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ጎማ ከተቀየረ በኋላም ቱቦዋ ባዶ ብታድር ኖሮ ቀጣዩ ፓምፑን ማስፈታት ይሆን ነበር።

አሁን ወደ ሌላው መንገድ እንመለስ፤ ካንዴላው እርጥብ ሆኖ ከተገኘ። መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሞተሩ በቤንዚን መስጠሙ ነው። ልጆች እያረፈዱ፣ ሰው እየተቆጣ፣ ቾኩ ተስቦ ነዳጅ መስጫው አሥር ጊዜ ሲረገጥ ይህ ይደርሳል። መፍትሔው ቾኩን መልሶ፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ረግጦ ሳያነሱ ይዞ፣ ለሰባት ስምንት ሰከንድ ማዞር ነው። እግርን እያነሱ መልሶ መርገጥ አይገባም፤ በተረገጠ ቁጥር ቤንዚን ይጨምራልና። ወለሉ ድረስ ተረግጦ ሲያዝ ብዙ አየር ገብቶ ትርፉን ያጥባል። በዚህ ከተነሳ በሽታ አልነበረም፤ የእግር ጥፋት ነበር።

በየጠዋቱ በልክ ተሞክሮም ካንዴላው እየረጠበ ካልተነሳ እሳቱ ደካማ ነው። ከመካኒክ በፊት ቤት የሚታዩ ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው እርጥበት ነው። ጤዛ በጣለበት ሌሊት የዲስትሪቢዩተሩ ክዳንና የካንዴላ ገመዶቹ ላብ ያወጣሉ፤ እሳቱም ወደ ካንዴላው ከመሄድ በእርጥበቱ ላይ ሾልኮ ይጠፋል። ክዳኑን ከፍቶ ውስጡንም ውጭውንም በደረቅ ጨርቅ መጥረግና መሞከር ነው። ከተጠረገ በኋላ የሚነሳ ከሆነ ክዳኑ ወይም ገመዶቹ አርጅተዋል። ማታ በጨለማ ኮፈኑን ከፍተው ሞተሩ እየሠራ ቢያዩት በገመዶቹ ዙሪያ ጥቃቅን ሰማያዊ ብልጭታ ይታያል፤ የሚሾልክበት ያ ነው። በእጅ ግን እንዳትነኩት።

ሁለተኛው ካንዴላው ራሱ ነው። በጫፉ ላይ ያለው ክፍተት ለእንዲህ ያሉ አሮጌ ሞተሮች በአብዛኛው 0.6 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ካንዴላው ሲያረጅ ብረቱ ተበልቶ ክፍተቱ ይሰፋል፤ እሳቱም ያንን ርቀት ለመዝለል የበለጠ ጉልበት ይፈልጋል፤ ጠዋት ላይ ደግሞ ያ ጉልበት የለም። ካንዴላው ተቀይሮም ካልተሻለ በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያሉት እሳቱን የሚያቋርጡት ኮንታክቶች ተበልተው፣ ወይም ቦቢናው ደክሞ ይሆናል፤ ይህ የመካኒክ ሥራ ነው። መካኒኩ እሳቱን ሲሞክር የብልጭታውን ቀለም ጠይቁት። ሰማያዊና “ጣ” የሚል ከሆነ ጥሩ ነው፤ ቀጭንና ቢጫ ከሆነ ደካማ ነው።

ቤንዚንም እሳትም ተገኝተው አሁንም የማይነሳ ሞተር ካለ፣ መዳከሙ ውስጡ ነው፤ ባልቦላዎቹ በደንብ አይዘጉም፣ ወይም ፒስተኑ አልቋል። ሲዞር ድምፁ እኩል አይሆንም፤ አንዱ ዙር ከበድ ሌላው ቀለል ይላል። ይህን መካኒኩ በየሲሊንደሩ ግፊት እየለካ ያረጋግጣል። በካንዴላና በጎማ አይድንምና ገንዘብ ከመጨመር በፊት ማስለካት ይሻላል።

ካርቡራተር የሌላቸው፣ ለምሳሌ በየከተማችን የሞሉት ከ1990ዎቹ የፈረንጅ ዘመን የመጡ ኢንጀክሽን ኮሮላዎች ጠዋት እንዲህ ሲሆኑ መንገዱ ትንሽ ይለያል። የሚሳብ ቾክ የላቸውም፤ የሞተሩን ውኃ ሙቀት የምትለካ ትንሽ መሣሪያ ለኮምፒዩተሩ “ቀዝቅዟል” ስትለው እሱ ቤንዚኑን ያበዛል። መሣሪያዋ ተበላሽታ “ሞቋል” ብትለው ቤንዚኑ ያንሳል፤ ሞተሩም ጠዋት ብቻ ያስቸግራል። ሌላው ደግሞ ሌሊቱን የቤንዚኑ ግፊት መውረዱ ነው። ይህን ለመለየት ሞተሩን ሳያዞሩ ቁልፉን ከፍቶ ሁለት ሦስት ሰከንድ መጠበቅ፣ መዝጋት፣ ይህን ሦስት ጊዜ ደግሞ ከዚያ ማስነሳት ነው። ቁልፍ ሲከፈት ለጥቂት ጊዜ የሚሠራ ፓምፕ ባለበት መኪና እንዲህ ተደርጎ ወዲያው ከተነሳ ጥርጣሬው ግፊቱ ላይ ነው። ለውጥ ከሌለው ያችን የሙቀት መለኪያ ማስፈተሽ ይቀጥላል።

ስለ ልጆች ሦስት ነገር ሳንናገር አንዘጋም። እነዚህ ጠዋቶች በቤት ውስጥ ሰው የሚጎዳባቸው ጠዋቶች ናቸውና።

የመጀመሪያው ካርቡራተር ላይ ቤንዚን ማፍሰስ ነው። በየሰፈሩ የሚታይ ልማድ ነው፤ አንዱ በጠርሙስ ክዳን ያፈሳል፣ ሌላው ያዞራል፣ ልጆች ከበው ያያሉ። በእርግጥ አንዳንዴ ያስነሳዋል። ነገር ግን ሞተሩ ወደ ኋላ በሚተነፍስበት ቅጽበት ነበልባሉ በካርቡራተሩ ጉሮሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ ያፈሰሰው ሰው ደግሞ ጠርሙሱን እንደያዘ ጎንበስ ብሎ ያያል። ጉሮሮው ባዶ መሆኑን ለማወቅ ማፍሰስ አያስፈልግም፤ ከላይ እንዳየነው የነዳጅ መስጫውን ክንድ ከፍቶ ማየት ይበቃል። በዚሁ ምክንያት ካንዴላ አውጥቶ እሳት መሞከር ቤንዚን በፈሰሰበት ቦታና ሰዓት አይደረግም።

ሁለተኛው ጭሱ ነው። ቾክ ተስቦ የሚሠራ ሞተር ቤንዚኑን ሙሉ በሙሉ ስለማያቃጥል ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን ሽታ የሌለው መርዝ አብዝቶ ያወጣል። በተዘጋ ጋራዥ፣ ወይም በመኝታ ቤት መስኮት ሥር፣ ጠባብ ግቢ ውስጥ “ይሙቅ” ብሎ መተው አይገባም። የተነሳውን መኪና ወደ ውጭ ማውጣት፣ ቾኩንም ሞተሩ ሲረጋጋ ቀስ በቀስ መመለስ ነው። ሳይመለስ የሚቀር ቾክ ትርፉ ቤንዚን በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለውን ዘይት እያጠበ ሞተሩንም ያስረጃል።

ሦስተኛው መግፋቱ ነው። መኪና ቁልቁል ሲገፋ ልጆች ከኋላም ከፊትም አይሁኑ፤ ጋቢና ውስጥም አይቀመጡ። በድንገት ይነሳል፤ ወይም ሳይነሳ ፍጥነት ይይዛል።

ለነገ ጠዋት የሚሆነውን እናስቀምጥ። ቾኩን ስበው 10 ሰከንድ ያዙሩ፤ ካልተነሳ ያሳርፉና አንድ ካንዴላ ያውጡ። መካኒክ ዘንድ ሲሄዱም “አልነሳም” ብለው ብቻ አይንገሩት፤ “በደንብ ይዞራል፣ ካንዴላው ደረቅ ነው፣ ጉሮሮው ላይ ቤንዚን አይታይም” ቢሉት፣ ወይም “እርጥብ ነው፣ ይሸታል” ቢሉት፣ ከባትሪው ሳይጀምር በቀጥታ ወደ ቦታው ይሄዳል። ከተቻለም መኪናውን ማታ እዚያው ያሳድሩለት፤ ጠዋት ብቻ የሚታይ በሽታ በቀትር አይገኝም።